ፎቶው ሳይደርስ የቀረ የትርጉም ጥያቄ

የትርጉም ጥያቄ በኢሜይል ወይም በስልክ ሲላክ ሁለት ነገር አብሮ ይጓዛል። አንደኛው ጥያቄው ራሱ ነው፤ «ይህ ደብዳቤ ምን ይላል?» የሚሉ ጥቂት ቃላት። ሁለተኛው መተርጎም ያለበት ወረቀት ፎቶ ነው። ቃላቱ አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞሉም። በዘመኑ ስልክ የተነሳ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ሜጋባይት ይመዝናል፤ ከጥያቄው በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አልፎ ፎቶው መንገድ ላይ የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ተቀባዩ ዘንድ «ይህ» የሚለው ቃል ይደርሳል፤ «ይህ» የተባለው ወረቀት ግን የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ላኪው አለማወቁ ነው። ፎቶው በራሱ ስልክ ውስጥ ስላለ፣ የላከውን መልእክት ከፍቶ ሲያይ ከነፎቶው ያገኘዋል። ስለዚህ መልስ ሲዘገይ ተርጓሚው ሥራ በዝቶበት ወይም ቸል ብሎ ይመስለዋል እንጂ ወረቀቱ አልደረሰም ብሎ አይጠረጥርም። ተርጓሚው ደግሞ «ፎቶው ኋላ ይላካል» ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲጠባበቁ ቀናት ያልፋሉ።

ይህ መጠባበቅ ብዙ ዋጋ ከሚያስከፍልባቸው አገሮች አንዷ ጀርመን ናት። እዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ እስካሁን በአብዛኛው በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ቤት በኩል ይመጣል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ተቃውሞውን የሚያቀርብበት ጊዜ የተቆረጠ ነው፤ በብዙው ጉዳይ አንድ ወር፣ በጥገኝነት ጉዳይ ደግሞ ባብዛኛው ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም አንድ ሳምንት ብቻ። በጀርመን የሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ፎቶ አንሥተው ቋንቋውን ለሚያውቅ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይልካሉ። ፎቶው ጠፍቶ ሳምንት ከባከነ ከተቆረጠው ጊዜ ላይ አንድ ሳምንት ተቀነሰ ማለት ነው።

ፎቶ ለምን እንደሚጠፋ ለመረዳት ኢሜይል ፎቶን እንዴት እንደሚሸከም ማወቅ ይጠቅማል። ኢሜይል ሲፈጠር ጽሑፍ ብቻ፣ ያውም የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ እንዲያመላልስ ነበር የታሰበው። ፎቶና ድምፅ፣ የሌሎች ቋንቋዎችም ፊደላት አብረው እንዲጓዙ ያስቻለው በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ማይም የተባለው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ፎቶው ወደ ተራ ፊደላት ይለወጥና ከመልእክቱ ጽሑፍ ተነጥሎ፣ የራሱ ክፍል ተበጅቶለት ይሄዳል። ፎቶው በጽሑፉ መሐል ገብቶ ቢታይም እንኳ በእውነቱ እዚያ የለም። በቦታው ያለው ይህን የመሰለ ጥቆማ ነው፦

```
<img src="cid:foto1">
```

ትርጉሙ «foto1 የተባለውን ክፍል ፈልገህ እዚህ አሳይ» ማለት ነው። በመንገድ ላይ የፎቶው ክፍል ተቆርጦ ከቀረ ጥቆማው ወደ ባዶ ቦታ ይጠቁማል። የመልእክቱ ጽሑፍ ግን ምንም ሳይጎድልበት ይደርሳል። ማንም ስሕተት ሳይሠራ ግማሽ መልእክት ሊደርስ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍሉ የሚቆረጥበት በጣም የተለመደው ቦታ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። የኢሜይል ፕሮግራሞች ለመጣ መልእክት «መልስ» እና «አስተላልፍ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሏቸው። «አስተላልፍ» ሲባል አባሪው ፎቶ አብሮ ይሄዳል። «መልስ» ሲባል ግን የፊተኛው ጽሑፍ ከሥር ይቀጠላል እንጂ አባሪው አብሮ አይሄድም፤ ለላኪው የራሱን ፎቶ መልሶ መላክ ትርፍ ሥራ ነው ተብሎ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ችግሩ የሚመጣው በመካከል ያለ ሰው «መልስ» የሚለውን ተጭኖ የሦስተኛ ሰው አድራሻ ሲጨምርበት ነው። ሦስተኛው ሰው የተባባሉትን ሁሉ ያነባል፤ ወረቀቱን ግን አያገኝም።

ሌላው ክብደት ነው። ብዙ የኢሜይል አገልግሎቶች ለአንድ መልእክት 25 ሜጋባይት ገደማ ጣሪያ አላቸው። ፎቶው ወደ ፊደላት ሲለወጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት አራት ፊደል ስለሚሆን ክብደቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በስልክ ውስጥ 20 ሜጋባይት የሆኑ ስድስት ፎቶዎች ሲላኩ ከጣሪያው አልፈው ሊወጡ ይችላሉ። አንዳንዱ አገልግሎት መልእክቱን ይመልሰዋል፤ ይህ ላኪው ስለሚያውቀው የተሻለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፎቶዎቹን በሊንክ ይተካቸዋል። ሊንኩ የሚከፈተው ላኪው ለተቀባዩ ፈቃድ ሰጥቶ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ ተቀባዩ የሚያየው ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚጋብዝ ገጽ ይሆናል።

የስልክ መልእክት መላኪያዎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከዋትስአፕ ወይም ከቴሌግራም ላይ የፎቶን መግለጫ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚለጥፍ ሰው ጽሑፉን ብቻ ይዞ ይሄዳል። አንዴ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ የተላከ ፎቶ ተቀባዩ ከፍቶ ከዘጋው በኋላ አይገኝም፤ ለትርጉም ደግሞ ወረቀቱን አሥር ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል። ዳታ ለመቆጠብ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ያዘጋጀ ተቀባይ ደግሞ የደበዘዘ ጥላና የቀስት ምልክት ብቻ ያያል። ይህ የመጨረሻው የጠፋ ፎቶ አይደለም፤ ቀስቱን መጫን ይበቃል። በአይፎን የተነሳና ያረጀ ኮምፒውተር ሊከፍተው ያልቻለ ፎቶም እንዲሁ ደርሷል፤ አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጥበትን ዓይነት ሁሉም ኮምፒውተር ስለማያውቀው ነው የማይከፈተው።

ተርጓሚው የጎደለ ነገር መኖሩን የሚያውቀው በምልክት ነው። በመልእክቱ ውስጥ `[image: IMG_2041.jpg]` ወይም በ`[cid:` የሚጀምር መስመር ካለ፣ ፎቶ እዚያ ቦታ ነበረ፣ መልእክቱ ግን ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ ወደቀ ማለት ነው። ከአይፎን ተቀድቶ በተለጠፈ ጽሑፍ ውስጥ `OBJ` የሚል በነጠብጣብ የታጠረ ትንሽ ሳጥን ከታየም ትርጉሙ ያው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ምንም ምልክት የሌለው ነው። አባሪ በ«መልስ» ምክንያት ሲቀር ጽሑፉ ሙሉና ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል፤ የወረቀት ማያያዣው ምልክት ብቻ የለም። እንዲህ ሲሆን ማስረጃው ቋንቋው ራሱ ነው፦ «ከላይ ያለው»፣ «የላኩልህ»፣ «ሁለተኛው ገጽ ላይ» የሚሉ ቃላት እያሉ የሚያመለክቱት ነገር ከሌለ ፎቶ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው የሚጽፈው የመጀመሪያ መልስ ወሳኝ ነው። «አልገባኝም» ወይም «ምንድን ነው?» ብሎ መመለስ ላኪውን ጥያቄውን በሌላ ቃል እንዲደግም ብቻ ነው የሚያደርገው። የደረሰውን ከቀረው ለይቶ መንገር ይሻላል፦ ጽሑፉ ደርሷል፣ ፎቶ ግን አንድም አልመጣም፣ ከደብዳቤው ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አልታየም። ከዚያ አልፎ «ምናልባት የቤት ኪራይ ጉዳይ ይሆናል» ብሎ ከጥያቄው ተነሥቶ መገመት ጨርሶ አይገባም። ግምት ከሚታመን ሰው አፍ ሲወጣ ትርጉም ሆኖ ይወሰዳልና።

ፎቶውን ደግሞ መላክ የሚቻል ከሆነ ቀላሉ እሱ ነው። ነገር ግን ፎቶውን የጣለው ምክንያት ሳይወገድ ደግሞ መላክ ያንኑ ውጤት ያመጣል፤ ኔትወርኩ ደካማ፣ ዳታው ያለቀ፣ መካከለኛው ሰው ያው ከሆነ ሁለተኛውም አይደርስም። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ መተየብ አስተማማኝ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ደብዳቤ ሲተየብ ሁለት ኪሎባይት ገደማ ነው። ከጥያቄው ጋር በአንድ ክፍል ስለሚሄድ ተነጥሎ ሊቀር አይችልም፤ «መልስ» ቢጫኑም፣ ቢቀዱትም፣ ወደ ተራ ጽሑፍ ቢለወጥም ይደርሳል። ኢንተርኔት ፈጽሞ ከሌለ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በኤስኤምኤስ ይሄዳል። አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ `ä`፣ `ö`፣ `ü` እና `ß` የተባሉት የጀርመንኛ ፊደላትም በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ። አንድ የአማርኛ ፊደል ከተጨመረበት ግን የመልእክቱ አቅም ወደ 70 ፊደል ይወርዳል። ስለዚህ የደብዳቤውን ጽሑፍ ለብቻ፣ የአማርኛውን ማብራሪያ ለብቻ መላክ ሒሳብም ይቆጥባል፣ መቆራረጥም ይቀንሳል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሆን በአንድ ጉዳይ ላይ ማየት ይቻላል። ፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት ሴት ድጎማ ከሚከፍል መሥሪያ ቤት ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደረሳት እንበል። ሁለት ፎቶ አንሥታ ለጎረቤቷ በኢሜይል ላከች። ጎረቤቷ «የእህትሽ ልጅ ይሻላል» ብላ «መልስ» የሚለውን ተጫነችና የልጁን አድራሻ ጨምራ ላከችው። በሌላ ከተማ ያለው የእህቷ ልጅ የሁለቱን ሴቶች ጭውውት አነበበ፤ ፎቶ ግን የለም። የሚረዳው መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «አክስቴ፣ የተጻጻፋችሁት ደርሶኛል፤ የደብዳቤው ፎቶ ግን አልመጣም። ከፎቶው ይልቅ ከላይ ያለውን ቀን፣ በደማቁ የተጻፈውን አርእስትና የመጨረሻውን አንቀጽ እንዳለ ተይቢልኝ። ያልለየሽው ፊደል ካለ የጥያቄ ምልክት አድርጊበት እንጂ አትገምቺው።» ሴትየዋ የተየበችው ይህን ነው፦

```
Datum: 03.04.2025
Betreff: Erstattung von Leistungen

Sie haben 1.250,00 EUR
zu Unrecht erhalten.
Dieser Betrag ist zu erstatten.
[X] Ratenzahlung ist möglich.
[ ] Der Betrag ist sofort fällig.

Gegen diesen Bescheid kann
innerhalb eines Monats nach
Bekanntgabe Widerspruch
erhoben werden.
```

ይህ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ያለ አግባብ 1,250 ዩሮ ተከፍሎዎታል፤ ገንዘቡ መመለስ አለበት፤ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ይህን ውሳኔ የሚቃወም ውሳኔው እንደ ደረሰ ከሚቆጠርበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ተቃውሞውን ማቅረብ ይችላል። ከሁለት ገጽ ውስጥ ይህች ብቻ ተተይባ የልጁ መልስ ምን መሆን እንዳለበት ይታወቃል። የቀረው ገጽ የሕግ አንቀጾችና የሒሳብ ዝርዝር ነው፤ እሱ ነገ ቢመጣም ይደርሳል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት ሥራ አለው። ቀኑ በጀርመን አጻጻፍ መጀመሪያ ዕለቱ፣ ቀጥሎ ወሩ ስለሆነ ኤፕሪል 3 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 2017። አሜሪካ የኖረ ሰው ማርች 4 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በጀርመን ሕግ በተራ ፖስታ የተላከ ውሳኔ ፖስታ ቤት ከገባ በአራተኛው ቀን እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ደብዳቤው በተጻፈበት ዕለት ፖስታ ቤት ከገባ ኤፕሪል 7 ደርሷል ይባላል፤ የተቃውሞው ጊዜም ሜይ 7፣ ማለትም ሚያዝያ 29 ያበቃል። ቀኑን ማርች 4 ብሎ ያነበበ ሰው ግን ጊዜው ኤፕሪል 8 ያልቃል ብሎ ያስባል። ደብዳቤውን ኤፕሪል 10 ላይ ከከፈተችው «አልፎብሻል» ይላታል፤ እሷም ገና አራት ሳምንት ያህል እያላት ተስፋ ትቆርጣለች። ስለዚህ የሚተይብ ሰው ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይለውጥ፣ ነጥቦቹንም ሳይቀይር፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ማስቀመጥ አለበት። መለወጡ የተርጓሚው ሥራ ነው።

በገንዘቡ ላይም ያው ነው። ጀርመኖች ሺህን የሚለዩት በነጥብ፣ ሳንቲምን የሚለዩት በነጠላ ሰረዝ ነው። `1.250,00` አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኀምሳ ነው። «ሁለቱ ዜሮዎች ምን ይሠራሉ» ብሎ `1.250` ብቻ የጻፈ ሰው አንባቢውን አንድ ዩሮ ከሃያ አምስት ሳንቲም ላይ ሊጥለው ይችላል። በእጅ የተጻፈ ቁጥር ካለ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ጀርመኖች አንድን ሲጽፉ ከፊት ረጅም ጭረት ስለሚያወጡለት ሰባት ይመስላል፤ ሰባትን ግን በወገቡ ላይ አግድም መስመር ያሰምሩበታል። መስመሩ ከሌለ አንድ ነው።

ከሁሉ በላይ አደገኞቹ ሁለትና ሦስት ፊደል የሆኑ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። `zu Unrecht` ያለ አግባብ ማለት ነው፤ `Un` ከተዘለለች `zu Recht`፣ በአግባቡ፣ ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሩም ተገልብጦ ገንዘቡ የተገባት ነበር ይላል። በ`u` ወይም በ`a` ላይ ያሉት ሁለት ነጠብጣቦችም ጌጥ አይደሉም፤ `zahlen` መክፈል ሲሆን `zählen` መቁጠር ነው። በስልክ ላይ `a` ን ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ሲያዝ `ä` ይወጣል። ይህ እንቢ ካለ ጀርመኖች ራሳቸው እንደሚያደርጉት `ae`፣ `oe`፣ `ue` ብሎ መጻፍ፣ `ß` ንም በ`ss` መተካት ይቻላል፤ ተርጓሚው ወዲያው ይገባዋል። ነጠብጣቡን ዝም ብሎ መተው ግን ሌላ ቃል መጻፍ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደልም እንዲሁ መጠበቅ አለበት፤ በትልቅ `S` የተጻፈው `Sie` አንባቢዋን ራሷን «እርስዎ» ብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ በትንሹ `sie` «እነርሱ» ወይም «እሷ» ነው። ዐረፍተ ነገር ሲጀምር ሁለቱም በትልቅ ስለሚጻፉ ልዩነቱ የሚታወቀው ከሌላው አገባብ ነው፤ በመሐል ሲመጣ ግን ፊደሏ ብቻ ናት የምትለየው።

ከሰው እጅ ይልቅ የሚያሳስተው ደግሞ ስልኩ ነው። ኪቦርዱ በእንግሊዝኛ ላይ ከሆነ የማያውቀውን ቃል ሁሉ «አርማለሁ» ይላል። የጊዜ ገደብ ማለት የሆነውን `Frist` ወደ `First` ሊለውጠው ይችላል፤ ከደብዳቤው ውስጥ ከሁሉ የሚፈለገው ቃል «መጀመሪያ» ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ መተየብ ከመጀመሩ በፊት በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የጀርመንኛ ኪቦርድ መጨመር፣ ካልሆነም በራሱ የማረም ሥራውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው፤ ካልተደረገ ግን ተርጓሚው ስልኩ የፈጠረውን ደብዳቤ ነው የሚተረጉመው። አንዳንድ ስልኮች ከፎቶ ላይ ፊደላቱን ለቅመው ወደ ጽሑፍ ይለውጣሉ፤ ያ ትየባውን ያቀልላል፣ ነገር ግን የለቀሙትን ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት አይቀርም።

በቅጽ ላይ ያሉ ሳጥኖች ለብቻቸው ሊነሡ ይገባል። በምሳሌው ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተከታትለው ቆመዋል፤ አንደኛው ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፣ ሌላው ገንዘቡ አሁኑኑ ይከፈል ይላል። ወረቀቱ ላይ የሚለያቸው በአንደኛው ፊት ያለች የኤክስ ምልክት ብቻ ናት። ምልክቷ ሳትተየብ ከቀረች ተርጓሚው ሁለቱንም እንደ ትእዛዝ ይተረጉማል፤ የሚጣረስ ነገርም ያቀርባል። ምልክት ያለበትን ሳጥን `[X]`፣ የሌለበትን `[ ]` ብሎ መጻፍ ይበቃል። የተሰረዘ ቃል ካለ «ተሰርዟል»፣ በእጅ የተጨመረ ካለ «በእጅ» ብሎ በአማርኛ ከጎኑ ማስቀመጥ፣ ያልተነበበውንም `[?]` ማድረግ እንዲሁ። መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ በሚያበቁበት ቦታ ቢያበቁ ደግሞ ተርጓሚው «ሰባተኛውን መስመር ደግመሽ እዪልኝ» ለማለት ይመቸዋል።

ረጅም ደብዳቤ ሲሆን ሁሉንም ከላይ ወደ ታች መተየብ ድካሙ ይበዛል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ወሳኙ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። በጀርመን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ያ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው አጠገብ፣ `Rechtsbehelfsbelehrung` ከሚል ርእስ በታች ይገኛል። ውሳኔውን ለመቃወም የት፣ በምን ያህል ጊዜ፣ በምን መልክ እንደሚቻል የሚናገረው እሱ ነው። ስለዚህ ከላኪው መሥሪያ ቤት ስም፣ ከቀኑና ከአርእስቱ ቀጥሎ መተየብ ያለበት ይህ አንቀጽ ነው፤ ከዚያም በደማቅ የተጻፉት፣ ከዚያም ገንዘብና ቀን ያለባቸው መስመሮች። ደብዳቤው የመጣው በቢጫ ፖስታ ከሆነ ፖስታው መጣል የለበትም። ቢጫው ፖስታ መድረሱ በማስረጃ የሚመዘገብ ሲሆን፣ ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን በላዩ ላይ ይጽፋል። የጊዜ ገደቡ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ውስጥ ካለው ቀን ሳይሆን ከዚያ ከፖስታው ላይ ካለው ቀን ነው። ስለዚህ ያም ቀን ይተየብ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የመዝገብ ቁጥርና አድራሻ ግን ለትርጉም አያስፈልጉም፤ በቦታቸው «ቁጥር» ወይም «አድራሻ» ብሎ ማለፍ ይሻላል። የጽሑፍ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ለመተላለፍ ከፎቶም ይቀልላልና።

ጀርመንኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም ሊቀዳው ይችላል። በዐረብኛ ወይም በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ግን ፊደሉን ለማያነብ ሰው ሌላ ፈተና ነው። በዕብራይስጥ ד እና ר፣ እንዲሁም ה እና ח የሚለያዩት በጥቂት ጭረት ነው፤ በዐረብኛ ደግሞ ب እና ت እና ث አንድ ቅርጽ ይዘው በነጥብ ቁጥርና ቦታ ብቻ ይለያሉ። ፊደሉን የማያውቅ ሰው ሙሉ ገጽ ለመተየብ ቢሞክር ሰዓታት ይፈጃል፣ ውጤቱም አያስተማምንም። እንዲህ ሲሆን የሚሻለው በላቲን አኀዝ የተጻፉትን ቀኖችና የገንዘብ መጠኖች፣ በላቲን ፊደል ያለ ስም ካለም እሱን ብቻ ተይቦ መላክ፣ የቀረውን ፊደሉን ለሚያነብ ሰው በስልክ ማስነበብ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ የሥራ ውሎች ብዙ ጊዜ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ የእንግሊዝኛውን ወገን መተየብ ለመጀመሪያ መረዳት ይበቃል። ሆኖም ሁለቱ በማይስማሙበት ጊዜ በእነዚያ አገሮች ፍርድ ቤቶች የሚጸናው እንደ ደንቡ ዐረብኛው መሆኑን ማሰብ ያሻል።

ተይቦ ከመላክ በፊት አንድ ማረጋገጫ አለ። የተየበው ሰው ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው በስልኩ ላይ ይከታተል። ቃል ላይ የተሠራ ስሕተትን ተርጓሚው ዐረፍተ ነገሩ ሲጎረብጠው ያውቀዋል፤ 1.250 በ1.520 ቢለወጥ ግን የሚጎረብጥ ነገር ስለሌለ ከሩቅ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተርጓሚውም በበኩሉ ትርጉሙን ሲመልስ ቀኑንና ገንዘቡን ለይቶ ከላይ ቢያስቀምጥ፣ ተቀባዩ ከወረቀቱ ጋር ዳግመኛ ለማስተያየት ይቀልለዋል።

በትየባ የመጣ ጽሑፍ የማያገለግልበት ቦታም አለ። ለፍርድ ቤት፣ ለጋብቻ ምዝገባ ወይም ለትምህርት ማስረጃ የሚቀርብ ትርጉም በጀርመን በመሐላ በተመዘገበ ተርጓሚ መሠራት አለበት። ይህ ተርጓሚ የሠራው ከዋናው ሰነድ ይሁን ከቅጂ በማረጋገጫው ላይ ይጽፋል፤ ማኅተሙን፣ ፊርማውን፣ በጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በትርጉሙ ውስጥ ይገልጻል። ሌላ ሰው ከተየበው ጽሑፍ ላይ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ የልደት ወይም የጋብቻ ወረቀት ሲሆን ፎቶው ቢጠፋ መተየቡን ትቶ ሰነዱን በስካነር አንሥቶ ደግሞ መላክ ወይም በአካል ይዞ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ደብዳቤው ምን እንደሚልና እስከ መቼ መልስ እንደሚፈልግ ለማወቅ ሲሆን ግን ከቀኑ፣ ከአርእስቱና ከመጨረሻው አንቀጽ የተተየቡት ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ።